ለጁኒየር አካውንታንት በኢሜል ስታመለክቱ ቴሲሱንና በጎ ፈቃዱን እንዴት ትጽፋላችሁ

«ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመረቅኩ፣ የስራ ልምድ የለኝም። ያለኝ ቴሲሴና አንድ አመት በአንድ ማህበር ውስጥ በነጻ ያገለገልኩት ብቻ ነው። ኢሜሉ ላይ እንዴት ልጻፋቸው?»

እህቴ፣ እኔ ፋይናንስ ክፍል ስሰራ የጁኒየር ማመልከቻ መጀመሪያ የማየው እኔ ነበርኩ። ብዙው ተመራቂ የቴሲሱን ርዕስ ብቻ ጽፎ ያልፋል፣ «የተሰብሳቢ ሂሳብ አያያዝ በትርፋማነት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይልና በቃ። እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው በእጅሽ ምን እንደሰራሽ ነው። ርዕስሽ ይሄ ቢሆን እንደዚህ ትይዋለሽ፦ «የ5 ድርጅቶችን የ4 አመት ፋይናንሻል ስቴትመንት ኤክሴል ላይ አስገብቼ፣ ከዱቤ ሽያጭ በኋላ ገንዘቡ በአማካይ በስንት ቀን እንደሚሰበሰብ አስልቻለሁ።» አንድ አረፍተ ነገር ነው ግን ቁጥር እንደነካሽ ያሳያል። ቀኑን ስታሰዪ ተሰብሳቢውን ለሽያጭ አካፍለሽ በ365 አባዝተሻል አይደል፣ ሪፖርቱ የዱቤ ሽያጩን ለብቻው ስለማያሳይ ጠቅላላ ሽያጩን ተጠቅመሽ ከሆነ ኢሜሉ ላይም «የዱቤ ሽያጭ» አትበይ፣ ኢንተርቪው ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

በጎ ፈቃዱ ደግሞ በኔ እይታ ከቴሲሱ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እዛ የያዝሽው የሰው ገንዘብ ነው። አንዴ አንዲት ልጅ «በማህበሩ በፋይናንስ በኩል አግዣለሁ» ብላ ላከች። ደውዬ ስጠይቃት ለካ በየወሩ ካሽ ቡኩን ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር የምታስታርቀው እሷ ናት! አንድ ወር ላይ ያልተመነዘሩትን ቼኮችና የባንኩን ሰርቪስ ቻርጅ ካስተካከለች በኋላም 180 ልዩነት ቀረባት፣ ለ9 ስታካፍለው ያለ ቀሪ ስለሄደላት አሃዝ ተገለባብጦ ይሆናል ብላ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስታይ 1,530 የነበረው 1,350 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘችው (ለ9 መካፈሉ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፣ ደረሰኙን ማየት ግድ ነው)። ይሄን ሁሉ «አግዣለሁ» በሚል ቃል ደብቃው ነበር፣ በጣም ነው ያዘንኩት። «በየወሩ ባንክ ሪኮንሲሌሽን እሰራ ነበር፣ የምዝገባ ስህተትም አግኝቼ አስተካክያለሁ» ብትል ሳልደውል ለኢንተርቪው እጠራት ነበር።

ግን ያልሰራሽውን አትጨምሪ። ደረሰኝ ከቫውቸር ጋር ማመሳከር ኦዲት አይባልም፣ «ኦዲት ሰርቻለሁ» የሚል ተመራቂ ሳይ ሌላውንም መጠራጠር እጀምራለሁ። የማህበሩን የውስጥ ሂሳብም አያይዘሽ እንዳትልኪ፣ ሚስጥር አትጠብቅም ያስብልሻል።

ኢሜሉ አጭር ይሁን፣ ሰብጀክቱ ላይ የስራ መደቡና ስምሽ፣ ከሰላምታ በኋላ የትኛውን መደብ እንደምታመለክቺ፣ ቀጥሎ የማህበሩ ስራ፣ ከዛ ቴሲሱ። ቴሲሱን ሙሉውን አታች አታድርጊው ማንም አይከፍተውም፣ ሲቪሽን ብቻ በፒዲኤፍ ላኪ። የማህበሩን ገንዘብ ያዥ ደግሞ አስቀድመሽ አስፈቅደሽ ስልካቸውን ሲቪው ላይ አስገቢ፣ እኔ እንደዚህ አይነት ስልክ ሲቪ ላይ ሳገኝ ሁሌም እደውል ነበር።