ውሾች ሲናከሱ ላላቅቅ ገብቼ ተነከስኩ፤ ለምን አልሰፉልኝም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ትናንት ማታ ውሻዬ ከሰፈር ውሾች ጋር ተናክሶ ላላቅቅ ስገባ እኔም ተነከስኩ። ቀኝ እጄ ላይ፣ አመልካች ጣቴ ሥር ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለ። ክንዴም ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ተቀዷል። በግርግሩ የትኛው ውሻ እንደነከሰኝ አላየሁም። ጤና ጣቢያ ቶሎ አጥበው በፋሻ ጠቀለሉልኝ እንጂ አልሰፉልኝም፤ ለነገ ተመለስ ብለውኛል። እኔ ግን ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ጀምሬያለሁ። መሰፋት አልነበረብኝም? ውሻዬም አንገቱ ላይ ተነክሷል፤ ምን ላድርግለት?

መልስ፦ ስላልሰፉልዎት አይቀየሟቸው፤ እጅዎን ሳይሰፉ መተዋቸው ትክክል ነው። የውሻ ክራንቻ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ በጥልቀት ገብቶ ይወጣል። ከላይ የሚታየው ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ ምራቁና በምራቁ ውስጥ ያለው ጀርም ግን ታች ቀርቷል። ያንን መስፋት ማለት በር ዘግቶ ጀርሙን ከውስጥ መቆለፍ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን መግል ይይዛል። እጅ ላይ ደግሞ ጅማቱና መገጣጠሚያው ከቆዳው ሥር ብዙም ሳይርቁ ነው ያሉት። ስለዚህ ከክንድዎ ቅዳጅ ይልቅ እኔን የሚያሳስቡኝ እነዚያ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው።

የክንድዎ ቁስል ሌላ ጉዳይ ነው። በደንብ ከታጠበ በኋላ ክፍት ትቶ ከ3 እስከ 5 ቀን ማየት፣ ካልመገለም ያኔ መስፋት ይቻላል። ብዙ ጊዜ የምንመርጠውም ይህንን ነው። ቶሎ የምንሰፋው በተለይ ፊት ላይ ያለ ንክሻን ነው፤ ፊት ደም በደንብ ስለሚደርሰው ቶሎ ይድናል፣ ጠባሳውም ያሳስባል። ደሙ አልቆም ያለ፣ ጅማት ወይም አጥንት የሚታይበት፣ ወይም ጣቱ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ያለ ሰው ግን ለስፌት ብቻ ሳይሆን ለቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

“ቶሎ አጥበው” ያሉት ነገር ላይ ልቁም። የውሻ ንክሻ የሚታጠበው በሰዓት ተይዞ 15 ደቂቃ ሙሉ፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ነው። የልብስም የገላም ሳሙና ይሆናል። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው በጆግ እያፈሰሰልዎት ይታጠቡ። ቀዳዳዎቹን ሳይፈትጉ ከፈት አድርገው ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ ያድርጉ። ከዚያ ቤታዲን ይቀቡ። እስካሁን እንዲህ ካልታጠበ ዛሬም ቢሆን ይጠቅማል፤ አሁኑኑ ይታጠቡ። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ በርበሬ፣ ጋዝ የሚባሉት ነገሮች ቁስሉ አጠገብ አይድረሱ። ቀለበት ካለዎት እጅዎ ሳያብጥ ያውልቁት። እጅዎንም ከልብዎ ከፍ አድርገው ያቆዩ፤ ተንጠልጥሎ የዋለ እጅ የበለጠ ያብጣል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጀምረዋል? በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁትም። የትኛው ውሻ እንደነከስዎት አይታወቅም፤ የሰፈሮቹ ውሾች መከተባቸውም አይታወቅም። ቆዳ ተበስቶ ደም ከወጣ ይህ ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ተጋላጭነት ነው። ስለዚህ ነገን ሳይጠብቁ ዛሬ ክትባቱ ወዳለበት ይሂዱ፤ የቀጠሩዎት ጤና ጣቢያ ከሌለው የት እንዳለ ይነግሩዎታል። አንድ ሰው “የባህል መድኃኒት የሚሰጥ አውቃለሁ” ቢልዎት በአክብሮት ይለፉት። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከምልክቱ በፊት ነው።

ክትባቱ ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን የተለመደው መርሐ ግብር የመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ነው። አንዳንድ ቦታ በ28ኛው ቀን አምስተኛ ይጨመራል፤ ካርድዎ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። ከመጀመሪያው ክትባት ጋር ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መርፌ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይወጋል። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ግን ይጠይቁ። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። የክንድዎ ቁስል የሚሰፋ ከሆነም ይህ መርፌ ቀድሞ መሰጠት አለበት።

“ውሻውን 10 ቀን እንጠብቅ” የሚባለው የነከሰው ውሻ ተለይቶ ሲታወቅና ታስሮ መታየት ሲችል ነው። እሱም ቢሆን ክትባት ተጀምሮ ነው የሚጠበቀው። ከ10 ቀን በኋላ ውሻው ጤነኛ ከሆነ ቀሪው ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። የእርስዎ ጉዳይ ይህ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ይጨርሱት።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ መጀመርዎ ተገቢ ነው፤ የገዙት ግን ብቻውን አይበቃም። ከውሻ አፍ የሚመጡ አንዳንድ ጀርሞች አሞክሳሲሊንን ያከሽፉታል። ለንክሻ የሚመረጠው አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለው ነው፤ ብዙ ሰው ኦግመንቲን ይለዋል። ለአዋቂ 625 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ወይም 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይወሰዳል። ሐኪሙ ሲያዝልዎት ያንን ይተካሉ እንጂ ሁለቱን አይደርቡም። ፔኒሲሊን የማይስማማዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሌላ አማራጭ አለ። ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋሌክሲን ብቻውን ቢሰጥዎት ግን ለዚህ ጥሩ ምርጫ አይደለም።

ደግሞ እያንዳንዱ ጭረት ኪኒን አይፈልግም። ጤነኛ ሰው ክንዱ ወይም እግሩ ላይ ላይ ላዩን ቢቧጨር መታጠቡ ይበቃል (ክትባቱ ግን አይቀርም)። ቁስሉ ገና ሳያመረቅዝ አንቲባዮቲክ የምንጀምረው እጅ፣ ፊት ወይም መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ፣ ጥልቅ ቀዳዳ ከሆነ፣ ወይም ሰውዬው ስኳር ካለበት፣ ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ ከቀነሰ፣ ጣፊያው ከወጣ ነው። እርስዎ በእጅዎም በቀዳዳዎቹም ምክንያት ከእነዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ጣትዎን ጠዋትና ማታ ይዩት። ከውሻ ንክሻ የሚመጣ ኢንፌክሽን ፈጣን ነው፤ አንዳንዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀይ ይሆናል፣ ያቃጥላል። ጣቱ እስከ ጫፉ ድረስ ካበጠ፣ ትንሽ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ፣ በሌላው እጅዎ ቀስ ብለው ሊያቃኑት ሲሞክሩም የሚያስጮህ ሕመም ካለው ጀርሙ ወደ ጅማቱ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ ኪኒን አይመልሰውም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ትኩሳት ወይም ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር ካዩም እንዲሁ።

የቴታነስ መርፌም ይጠይቁ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይወጋሉ፤ አብዛኛው ወንድ ግን መቼ እንደተወጋ አያስታውስም። ካላስታወሱ ወይም 5 ዓመት ካለፈው ያስፈልግዎታል።

ውሻዎ ጋ ስንመጣ፣ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት፤ ፀጉሩ ላይ የሌሎቹ ውሾች ምራቅ አለ። የሚታመም ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና አፉን በፋሻ ላላ አድርገው ያስሩት፤ ለመተንፈስ ከከበደው ግን አያስሩት። ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ውሾች ሲናከሱ ይዘው ስለሚያራግፉ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢታይም ሥሩ ቆዳው ከሥጋው ተላቆ ሊሆን ይችላል። አንገት ላይ ደግሞ የአየር ቧንቧም አለ። ስለዚህ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ፀጉሩን ላጭቶ ያጥባል፣ መግል እንዳይቋጥር ማፍሰሻ ሊያስገባ ይችላል፣ አንቲባዮቲኩንም በክብደቱ ያዝለታል። የራስዎን ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አይስጡት፤ ሊመርዘው ይችላል። የክትባት ካርዱንም ይዘው ይሂዱ፤ ከዚህ በፊት የተከተበ ቢሆንም የእብድ ውሻ ክትባቱ ቶሎ ይደገምለታል። ካልተከተበ ሐኪሙ እስከሚወስን ድረስ ከልጆችና ከሌሎች እንስሳት ለይተው ያስሩት።