በመምህር ገጽ ላይ ማስተማር፣ ምርምርና ማማከር እንዴት ይቀመጡ? ጥያቄና መልስ

የትምህርት ክፍላችንን የመምህራን ገጽ ለዓመታት ሳርም ቆይቻለሁ። ስለ አጭሩ የመምህር መግለጫ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

የስታቲስቲክስ መምህርት፦ ጊዜዬን የሚበላው ማስተማር ነው። ምርምሬ ገና ትንሽ ነው። ታዲያ የትኛው ሰፋ ያለ ቦታ ይያዝ?

መልስ፦ ሰዓትሽን አትቁጠሪ፤ ገጹን ማን እንደሚከፍተው አስቢ። ኮርስሽን የሚወስድ ተማሪ የሚመጣው ኢሜይልሽን ወይም የቢሮ ቁጥርሽን ፈልጎ ነው። ጽሑፉን ቁጭ ብሎ የሚያነበው አማካሪ የሚፈልግ ተማሪ ወይም አብሮሽ መሥራት የሚሻ ተመራማሪ ነው። ስለዚህ በምርምርሽ ጀምሪ፤ ትንሽ ቢሆንም።

አሁን ያለው ጽሑፍሽ እንዲህ ይላል፦ «ስድስት ኮርሶች ታስተምራለች። የምርምር ፍላጎቷ ባዮስታቲስቲክስ፣ ሞዴሊንግና የመረጃ ትንተና ነው። በርካታ ተማሪዎችን አማክራለች።» እነዚህ ሦስት የምርምር ቃላት ለማንኛውም ባልደረባሽ ይሆናሉ። ከላክሽልኝ ማስታወሻ ተነስቼ እንዲህ አደረግሁት፦

«የሕሙማን መዝገብ ላይ ሳይሞላ የሚቀር መረጃ የጥናት ውጤትን እንዴት እንደሚያዛባ አጠናለሁ። ሕመማቸው የጠናባቸው ሰዎች ክትትል ካቋረጡ፣ ሕክምናው ከእውነቱ በላይ የሠራ ሊመስል ይችላል። በሪግሬሽን ኮርሴም ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጎደሎ መዝገብ ይዘው ይለማመዳሉ።»

ማስተማርሽ አልጠፋም፤ ከጥያቄሽ ጋር ተያያዘ። የቀሩት አምስት ኮርሶች ከጽሑፉ ሥር በዝርዝር ይቀመጡ። በየሴሚስተሩ ስለሚቀያየሩ እዚያ ማረም ይቀላል።

ሌላ መምህር፦ እኔም «በርካታ ተማሪዎችን አማክሬያለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ የኢሜይል ጎርፍ ነው፤ አብዛኛው ከሥራዬ ጋር አይገናኝም።

መልስ፦ ጎርፉን ያመጣው «በርካታ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በር ክፍት ነው ይላል፣ ግን ለማን እንደሆነ አይናገርም። ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በምን ርዕስ እንደሚያማክሩ፣ ተማሪው ቀድሞ ምን ማወቅ እንዳለበት፣ አሁን ቦታ መኖሩን። ለስታቲስቲክስ መምህርቷ ያዘጋጀሁት ይህ ነው፦ «በጎደለ መረጃ ላይ መሥራት የሚፈልጉ 2 የማስተርስ ተማሪዎች እቀበላለሁ። በ R መሥራት የሚችሉ ቢሆኑ ይመረጣል። ሲጽፉልኝ ሊመልሱት የሚፈልጉትን ጥያቄ በአንድ አንቀጽ ይላኩ።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብዙ ያጣራል። አንቀጹን ያልላከ ሰው ገጹን እንዳላነበበ ወዲያው ያውቃሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የቦታ ቁጥር ከጻፉ መቼ እንደጻፉት ቀን ያስቀምጡ። ቦታው ከሞላ በኋላ ያልተነሳ ዓረፍተ ነገር ባዶ ተስፋ ይሰጣል።

አስተያየት፦ ይቅርታ፣ መግለጫ እኮ ሁሌም በሦስተኛ ሰው ነው የሚጻፈው። «አጠናለሁ» ማለት አያምርም።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። በሦስተኛ ሰው የተጻፈ የጉባኤ አዘጋጅ እንዳለ ወስዶ ይጠቀምበታል። «ሁሌም» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ብዙ ክፍሎች በአንደኛ ሰው ይጽፋሉ፤ ተማሪም ሲጽፍልህ ይቀለዋል። የክፍልህን ልማድ እይና ተከተል። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ነው ክፉው።

ረዳት ፕሮፌሰር፦ እኔ ለማዕረግ ዕድገት ላመለክት ነው። የጽሑፎቼን ዝርዝር በሙሉ ላስገባ? 18 ናቸው።

መልስ፦ ይህ የሲቪ ጥያቄ ነው። ኮሚቴው የሚመዝነው የሚያስገቡትን ማስረጃ ነው እንጂ ገጹን አይደለም። ገጹ ላይ ጥያቄዎን በደንብ የሚያሳዩ ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፎች ይበቃሉ፤ ለቀሩት የጉግል ስኮላር ሊንክ ያስቀምጡ።

አዲስ ሌክቸረር፦ እስካሁን ዋና አማካሪ ሆኜ አላውቅም። የማማከሩን ክፍል ልዝለለው?

መልስ፦ አትዝለለው። የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮጀክት መርተሃል? ሁለተኛ አማካሪ ሆነሃል? ያንን በስሙ ጻፈው። «የሁለት ማስተርስ ተማሪዎች ሁለተኛ አማካሪ ነኝ» የሚለው እውነትም ነው፣ ይበቃልም። «አማክሬያለሁ» ብቻ ብለህ ብታልፍ አንባቢ ዋና አማካሪ እንደነበርክ ይገምታል። ዋናው አማካሪ ያንን ሲያነብ ቅር ይለዋል። የተማሪዎቹን ስም ካስገባህ ደግሞ አስቀድመህ ፈቃዳቸውን ጠይቅ።

የስታቲስቲክስ መምህርት፦ ቦታ ሲሞላ «አልቀበልም» ብዬ ልጻፍ? ጎበዝ ተማሪ እንዳይሸሽ እፈራለሁ።

መልስ፦ በዚህ ላይ ባልደረቦቼም አንድ ሐሳብ የላቸውም። አንዷ በግልጽ ትጽፋለች፤ ተማሪ የማመልከቻ ጊዜውን እንዳያባክን ብላ። ሌላው ዝም ይላል፤ በመሐል የሚያቋርጥ ተማሪ ስለማይጠፋ። እኔ «ለዚህ ዓመት ሞልቷል፤ ለሚቀጥለው ጻፉልኝ» የሚለውን እመርጣለሁ። ግን የሚቀጥለው ዓመት ቦታሽ በምርምር ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ እሱንም መጻፍ ይከብዳል።