«ልጄን ወደ አንቺ ልላከው» ሲባል እንዴት እምቢ ይባላል?

ጥያቄ፦ ደሴ ያለው ታላቅ ወንድሜ፣ ልጁ ሥራ እስኪያገኝ አዲስ አበባ እኔ ጋ እንዲቀመጥ ጠየቀኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እኔን ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።

መልስ፦ ስልኩን የዘጉት «እስኪ ተማክረን እነግርሃለሁ» ብለው ከሆነ ዛሬ ማታ መልሰው ይደውሉ። ይህ ቃል ለሚጠብቅ ሰው እሺታ ነው። ሳምንት ካለፈው ልጁ ሻንጣውን ያዘጋጃል፣ ዘመድ ሁሉ ይሰማል፤ ያኔ እምቢ ማለት ልጁን ከመንገድ መመለስ ይሆንብዎታል። በቴሌግራም አይጻፉለት። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የድምፅዎ ሐዘኔታ ግን አብሮት አይሄድም።

ምክንያትዎ የማይለወጥ ይሁን። «አሁን ሥራ በዝቶብኛል» ካሉት ከወር በኋላ መልሶ ይደውላል። «ቤት ልንለቅ ነው» የሚለው ውሸት አንድ ዘመድ ለጥየቃ ብቅ ያለ ቀን ይገለጣል። «ባለቤቴ አልፈለገም» ከሁሉ የከፋው ነው፤ ወንድምዎ በባልዎ ላይ ቂም ይይዛል፣ እርስዎም መሃል ላይ ይቀራሉ። የእርስዎ እውነተኛ ምክንያት ቦታው ነውና እሱን ይናገሩ።

ውለታውን አይሽሹት። እሱ ሳያነሳው እርስዎ ያንሱት፦ «ጋሼ፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አልረሳሁትም። ልጁን ግን ቤት ላስቀምጠው አልችልም፤ መኝታው አንድ ነው፣ ልጆቹም የሚያጠኑት ሳሎን ነው። ከጓደኛው ጋር ክፍል ይከራይ፣ እኔ ለሦስት ወር በየወሩ 3,000 ብር እሰጠዋለሁ። እሑድ እሑድ ምሳው እኔ ጋ ነው።»

ብሩን ለመወሰን እንዲህ ያስቡ። ለአራት ሰው አስቤዛ በወር 20,000 ብር የምታወጡ ከሆነ አምስተኛ ሰው ሲጨመር ወጪው ወደ 25,000 ይጠጋል። ከዚያ ልዩነት ሳይቸገሩ እስከ መጨረሻው የሚከፍሉትን ያህል ብቻ ቃል ይግቡ፤ በሁለተኛው ወር የሚቋረጥ እርዳታ ከእምቢታው የበለጠ ያስቀይማል። «ሦስት ወር» ማለትዎም ለዚህ ነው፤ «ሥራ እስኪያገኝ» ማብቂያ የለውም።

ወንድምዎ «መሬት ላይም ይተኛል» ማለቱ አይቀርም። ስለ ፍራሽ ክርክር አይግቡ። አንዱ ችግር በተፈታ ቁጥር እምቢታው እየሳሳ ይሄዳልና «ገብቶኛል ጋሼ፣ ግን አልችልም» ብለው ያንኑ ይድገሙለት።

ጥያቄ፦ እህቴ የባሏ እናት ለሕክምና መጥተው እኔ ጋ ይክረሙ ትላለች። የታመመ ሰው እንዴት ይከለከላል?

መልስ፦ ማደሩን አይከልክሉ፤ እምቢ የሚሉት መክረሙን ነው። የሕክምና እንግድነት የሚረዝመው ቀጠሮ ቀጠሮን እየወለደ ነው፤ ምርመራ፣ ውጤት፣ እንደገና ቀጠሮ። ደግሞም ታማሚ ብቻውን አይመጣም፣ አስታማሚ አለው፤ ስለዚህ የሚያስተናግዱት ሁለት ሰው ነው። መልስ ከመስጠትዎ በፊት እህትዎን ሪፈሩ ለየትኛው ሆስፒታል እንደተጻፈ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነና አስታማሚው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ቀጠሮው ማክሰኞ ከሆነ «ሰኞ ይምጡ፣ ሐሙስ እሸኛቸዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና ይመጣሉ» ይበሉ።

ይህ የማይሠራበት ሁኔታ አለ። የጨረር ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለተከታታይ ሳምንታት ስለሚሰጥ መመላለስ አይቻልም። ያን ጊዜ የባሏ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ አዋጥተው ሆስፒታሉ አካባቢ ክፍል ይከራዩ፤ የእርስዎንም ድርሻ በብር ይንገሯት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ወንድሜ አማቶቹ ለስድስት ወር እኔ ጋ እንዲያርፉ ይፈልጋል፤ የቪዛ ፎርሙን ሊሞሉ ነው።

መልስ፦ ፎርሙ ሳይሞላ ይንገሩት። ዲኤስ-160 የሚባለው ይህ የቪዛ ፎርም አሜሪካ የሚያርፉበትን አድራሻ ይጠይቃል፤ የእርስዎ አድራሻ አንዴ ከገባ ቤተሰቡ ነገሩን ያለቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። ለጎብኚ ቪዛ የግብዣ ደብዳቤ ግዴታ ስላልሆነ፣ አለመጻፍዎ ብቻውን ቪዛ አያስከለክላቸውም። ከዚያ የቤት ኪራይ ውልዎን አውጥተው ስለ እንግዳ የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ። ብዙ ውሎች እንግዳ የሚያድርበትን ቀን ይገድባሉ። የእርስዎ ውል 14 ቀን የሚል ከሆነ «ውሌ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድልኝም፤ ሁለቱን ሳምንት በደስታ እቀበላቸዋለሁ» ማለት ይበቃል። ውልዎ ገደብ ከሌለው ግን አለ አይበሉ፤ የሚችሉትን ቀን በራስዎ ስም ይናገሩ።

ጥያቄ፦ እምቢ ብየው ነበር፤ ወንድሜ ግን የአጎታችንን ልጅ አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ «መንገድ ላይ ናት» አለኝ።

መልስ፦ ይቀበሏት፣ ያብሏት። ጥፋቱ የእሷ ስላልሆነ ክርክሩን እንዳትሰማ ውጭ ወጥተው ለወንድምዎ ያን ማታ ይደውሉ፦ «ሦስት ቀን ታርፋለች። ዓርብ ጠዋት ወይ አንተ ያዘጋጀህላት ቤት ትገባለች፣ ወይ የመመለሻ ትኬቷን እኔ እቆርጣለሁ።» ትኬቱንም በማግስቱ ይቁረጡ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነሳ ንግግር ለእሷ ማባረር ይመስላታል። ለእርሷም ቀኑን በመጀመሪያው ማታ፣ እራት ከበላች በኋላ፣ እርስዎ ራስዎ በእርጋታ ይንገሯት፤ ከሌላ ሰው አትስማው።