ጭላዳው ለምን ከሳ?

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲናና በዙሪያው ዲዛይን ለጀመራችሁ ልጆች፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ የማተሚያ ሥራ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ሥራ ሲበላሽ ያየሁት በቀለም ወይም በወረቀት አይደለም። በፎቶና በአይከን ነው። እሱኑ በአንድ ብሮሸር ላሳያችሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ሥራ ይዛ መጣች። ጓሳን ለመጎብኘት ለሚመጡ እንግዶች የሚታደል፣ ኤ4 ወረቀት ለሦስት የሚታጠፍበት ብሮሸር ነው። ላፕቶፗ ላይ ሲታይ ያምራል። እኔ ግን ስክሪን አላምንም። አንድ ቅጂ ለሙከራ አትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሽፋኑ ላይ ያለው ጭላዳ የታመመ ይመስላል። ፊቱ ረዝሟል፣ ትከሻው ጠቧል፣ ያ የሚያኮራው ጎፈሩ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተጣብቋል።

«ልጄ፣ ይሄ ጭላዳ ምን ነካው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቦታው ጠበበኝ» አለች።

እውነቷን ነው፣ ጠቧታል። የሽፋኑ ፎቶ የሚገባበት ቦታ ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ማለትም የቆመ ነው። ፎቶው ግን የተጋደመ ነበር፣ 1280 በ960 ፒክስል። ቁመቱ 14 ሴንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ ወደ 19 መድረስ አለበት። እሷ 10 ውስጥ ጨመቀችው። እንስሳው ግማሽ ጎኑን አጣ ማለት ነው።

መፍትሔው መጭመቅ ሳይሆን መቁረጥ ነው። ቁመቱን ከቦታው ጋር ታስተካክሉና ከግራና ከቀኝ የተረፈውን ትጥላላችሁ። ፎቶ ሲቆረጥ ሜዳ ይቀንስ ይሆናል እንጂ የእንስሳው መልክ አይለወጥም። መጠኑን ስትቀይሩም ጥጉን ይዛችሁ ጎትቱ። የጎኑን መሐል ከያዛችሁ በብዙ ፕሮግራም ይለጠጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ድሮ በፎቶሾፕ Shift ተጭናችሁ ስትጎትቱ ነበር መጠኑ የሚጠበቀው። ከ2019ኙ እትም ወዲህ ነገሩ ተገልብጧል፣ ሳትጫኑ ይጠበቃል፣ ከተጫናችሁ ይንሻፈፋል። ኢለስትሬተር ላይ ደግሞ Shift መጫን ያስፈልጋል። እኔ ራሴ እጄ የድሮውን ስለለመደ ስንት ጊዜ ተሸውጃለሁ።

ፎቶ መለጠጡን ለማወቅ ክብነቱን የምታውቁትን ነገር ፈልጉ። የመኪና ጎማ፣ ሰሃን፣ ምጣድ። ክቡ እንቁላል ከመሰለ አለቀ። ክብ ነገር ከሌለ የሰው ፊት እዩ። አንድ ጊዜ የሠርግ ባነር ላይ የቆመ ፎቶ ወደ ጎን ለጥጬ ሰቀልኩ። የሙሽራው እናት አይተው «ልጄን በአንድ ሌሊት ማን አወፈረው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ባነሩን በራሴ ወጪ ደግሜ አተምኩ።

ወደ ጭላዳው እንመለስ። ቆርጠን መልኩን መለስንለት። አሁንም ግን ይደበዝዛል። ለምን?

ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ 118። እጅ ላይ ተይዞ ለሚነበብ ኅትመት በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 118 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ማተሚያ ቤቶች «300 ዲፒአይ» የሚሉት ይኼንኑ በኢንች ቆጥረው ነው። ስለዚህ 14 ሴንቲሜትር ቁመት 1652 ፒክስል ይፈልጋል። የኛ ፎቶ ያለው 960 ነው። 960ን ለ14 ስናካፍል 69 ገደማ ይደርሰናል። ከሚፈለገው ግማሽ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። ጎፈሩ ለምን ጨርቅ እንደመሰለ ይኸው ሒሳቡ።

ልጅቷ ሒሳቡን ስትሰማ ፈጥና ፎቶሾፕ ከፈተች። Image Size ውስጥ Resolution ላይ 72 የሚለውን አጥፍታ 300 ጻፈች። «ይኸው ጋሼ፣ ሦስት መቶ ሆነ!» አለች። ይኼን ስሕተት የማይሠራ ጀማሪ አላየሁም። Resample የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት ፕሮግራሙ የጎደለውን ፒክስል ከጎረቤቱ እየገመተ ይሞላዋል። ቁጥሩ ያድጋል፣ ካሜራው ያላየው ፀጉር ግን ከየት ይመጣል? ወጥ ላይ ውሃ መጨመር በሉት። ምልክቱን አንስታችሁ 300 ጻፉ። ያኔ ፕሮግራሙ እውነቱን ይነግራችኋል፣ ፎቶው በዚህ ጥራት ስንት ሴንቲሜትር ሆኖ ሊታተም እንደሚችል ያሳያችኋል። የኛው ቁመት 8 ሴንቲሜትር ገደማ ወጣ።

«ፎቶውን ማን ነው ያነሳው?» አልኳት።

«ወንድሜ፣ በስልኩ። በቴሌግራም ላከልኝ።»

በሽታው እዚህ ነበር። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል። ደውላ ዋናውን File አድርጎ እንዲልክ ነገረችው። 4000 በ3000 ሆኖ መጣ። ለቆመው ቦታ ስንቆርጠው ቁመቱ 3000 ነው፣ በሴንቲሜትር 214 ፒክስል ደረሰን። ደግመን አተምን። ጎፈሩ ላይ ነፋሱ ሲነካው ይታያል። ያው ፎቶ፣ ያው ስልክ።

ለባነር ግን 118 አትፈልጉ። መንገድ ዳር የሚሰቀል ሦስት ሜትር ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በሴንቲሜትር 30 እንኳን ይበቃዋል። ብሮሸር ግን ዓይን ሥር ነው።

ቀጥሎ የውስጡን ገጽ ገለጥን። አምስት ፎቶ አለ። እያንዳንዱ ለብቻው መጥፎ አይደለም። አብረው ሲቀመጡ ግን ተጣሉ። ሁለቱ የጠዋት ጉም ያለባቸው፣ ቀዝቃዛና ሰማያዊ የሚመስሉ ናቸው። አንዱ የቀትር ፀሐይ ነው፣ ጥላው ጠቁሯል። አንዱ በስልክ ፊልተር ብርቱካንማ ሆኗል። አምስተኛው ከኢንተርኔት የወረደ ነው፣ የጭቃ ጎጆ፣ ከኋላው ግራር።

እሱን ሳይ ሳቄ መጣ። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ግራር ምን ይሠራል? የመንዝ ቤት ደግሞ በድንጋይ ነው የሚሠራው። በዚያው ሰዓት አንድ የመንዝ ሰው ደረሰኝ ሊያሳትሙ መጥተው ቆመው ነበር። አንገታቸውን አስግገው አዩና «ይቺ ደግሞ የማን አገር ናት?» አሉ። ከዚህ በኋላ እኔ የምጨምረው አልነበረም። ፎቶው ወጣ።

የቀሩትን እንዴት እናስማማ? መጀመሪያ ዋናውን መረጥን። ሽፋኑ ላይ ያለው ጭላዳ የጠዋት ብርሃን ነው፣ ለስላሳ። ስለዚህ ሌሎቹ ወደሱ ይምጡ አልን። ብርቱካንማውን ፊልተሩን ለማጥፋት ብንሞክርም አልሆነም። ፊልተር ከተቀመጠበት በኋላ የጠፋው ቀለም አይመለስም። ዋናው ፎቶ ስልኩ ላይ ስለነበረ ግን ዳንን። የቀትሩን ፎቶ ጥላውን ትንሽ አፍክተን፣ ሙቀቱን ቀንሰን ለማቀራረብ ሞከርን። አልሆነም። የቀትር ጥላ ከላይ ቁልቁል ስለሚወድቅ ቀለሙን ብትቀይሩት አቅጣጫው ያጋልጠዋል። እሱንም ጣልነው። ሦስት ፎቶ ቀረን። ልጅቷ ከፋት፣ ደንበኛው ይቆጣል ብላ ፈራች። እኔ ግን ሦስት የሚስማሙ ፎቶዎች ገጹን አስፍተውታል ባይ ነኝ።

የመጨረሻው አይከን ነው። መኝታ፣ ምግብ፣ መኪና፣ ስልክና መመሪያ ሰው የሚያመለክቱ አምስት ምልክቶች ነበሩ። አልጋው በቀጭን መስመር የተሳለ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ በጥቁር የተሞላ፣ ስልኩ እንደ ኢሞጂ ቀለም ያለው። ይኼን ማንም ያያል። ከባዱ የማይታየው ነው። አልጋውና መመሪያው ሰው ሁለቱም በመስመር የተሳሉ ናቸው፣ ግን አንዱ ወፍራም፣ ሌላው የሸረሪት ድር ይመስላል። ልጅቷ ምክንያቱ ጠፋት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አልጋው 24 በ24 በሆነ ሰሌዳ ላይ በ2 ውፍረት መስመር የተሳለ ነው። ሰውየው ደግሞ በ64 ሰሌዳ ላይ፣ እሱም በ2 ውፍረት። ሁለቱን እኩል ለማድረግ ሰውየውን ወደ 24 ስታሳንሱት መስመሩም አብሮ ያንሳል፣ 0.75 ይሆናል። ለዚህ ነው አይከን ከአንድ ስብስብ ብቻ ውሰዱ የምላችሁ። ስብስቡን የሠራው ሰው ሰሌዳውን፣ የመስመሩን ውፍረትና የጥጉን ክብነት አንድ አድርጎ ነው የሚሥለው። ፋይሉም SVG ይሁን። እሱ በፒክስል ሳይሆን በቅርጽ ስለሚቀመጥ ብታሳድጉት አይደበዝዝም።

አንድ ስብስብ መረጥን። አራቱ ተገኙ። ምግብ የሚለው ግን ሹካና ቢላዋ ነበር። ልጅቷ «መሶብ ካልሆነ አልወድም» አለች። ልክ ናት። ከኢንተርኔት ባለ ቀለም የመሶብ ሥዕል አውርዳ ልትለጥፍ ስትል እጇን ያዝኩ። በዚያው 24 ሰሌዳ፣ በዚያው 2 ውፍረት ራሷ ሣለችው። ክዳኑ፣ ሆዱ፣ እግሩ፣ ሌላ የለም። ስፌቱን ልታሳይ ብዙ ጥቃቅን መስመር ጨምራበት ነበር፣ ሲያንስ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነ። አጠፋችው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ደንበኛው ደወለ። የእናቱ የሱፍ ባና ፎቶ ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ያለው ቅጂ 640 በ480 ነው፣ ዋናው የነበረበት ስልክ ጠፍቷል። ብርሃኑ የጠዋት ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ይስማማል። ግን ግማሽ ገጽ ይሁን ብሎ ነበር። 640ን ለ118 አካፈልን። አምስት ሴንቲሜትር ከምናምን። አምስት አድርገን ከመሶቡ ጎን አስገባነው። ትንሽ ነው ብሎ ትንሽ አጉረመረመ። ግን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ሱፉ አንድ በአንድ ይታያል።