ጥያቄና መልስ፦ «05/06/2016» መቼ ነው? ስለ ቀን አመዘጋገብ ለሠራተኞች የሚነገር

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ስለ ዳታ አመዘጋገብ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ሥራዬ ሌሎች የመዘገቡትን ተቀብዬ ሪፖርት ማውጣት ነው። ስትጠይቁ ፋይሉ ምን እንደሆነና ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ንገሩኝ። «ዳታችን ተበላሸ» ብቻ ካላችሁኝ ልረዳችሁ አልችልም።

ካርድ ክፍል፦ የአንድ ክሊኒክ አስተዳዳሪ ነኝ። ሰኞ ጠዋት መዝጋቢዎቹን ሰብስቤ አምስት ደቂቃ አናግራቸዋለሁ። ቀን በአንድ ዓይነት መንገድ ጻፉ ስላቸው «ምን ለውጥ ያመጣል?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መላሽ፦ እህቴ፣ ስለ ጥራት አታውሪ፤ ማንም አይሰማሽም። ሰሌዳ ላይ 05/06/2016 ብለሽ ጻፊ። እያንዳንዱ ሰው ሳይመካከር ቀኑን ከወሩ ስም ጋር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀቶቹን ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦

«አንዳንዶቻችን የካቲት 5 አልን። አንዳንዶቻችን በፈረንጅ ጁን 5፣ ሌሎቻችን ደግሞ ሜይ 6 አልን። ያነበበ አልተሳሳተም፤ ጽሑፉ ነው ያልተናገረው። ታካሚዋ የመጣችው የካቲት 5 ቀን 2016 ከነበረ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 ነው። የቀሩት ሁለቱ ንባቦች ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስዷታል።

ሰው ግራ ሲገባው ይጠይቃል። ኤክሴል አይጠይቅም። የኛ ኮምፒውተሮች በአሜሪካ አጻጻፍ ስለተስተካከሉ የመጀመሪያውን ቁጥር ወር ያደርገዋል። የካቲት 1 ብለን የጻፍነው ጃንዋሪ 6 ይሆናል። የካቲት 2 ፌብሩዋሪ 6 ይሆናል። እንዲህ እያለ የካቲት 12 ዲሴምበር 6 ላይ ያርፋል። ከ12 በላይ ያለውን ወር ማድረግ ስለማይችል ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ወሩ ሲያልቅ በየካቲት ስንት ሰው እንደመጣ ስፈልግ የ12 ቀን ታካሚ በ12 ወር ተበትኗል፤ የ18 ቀኑ ደግሞ አልተቆጠረም። መድኃኒት የማዘው በዚያ ቁጥር ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች ይገባሉ። አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ነው። ወሩ በቁጥር ነው።»

ይኸው ነው። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄያቸው ተይው። ግን ከመናገርሽ በፊት ኮምፒውተሮቹ በእርግጥ በአሜሪካ አጻጻፍ መሆናቸውን እያንዳንዱ ላይ ሄደሽ እዪ። አንዱ ቀንን የሚያስቀድም ከሆነ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያኛው ላይ የካቲት 5 ጁን 5 ይሆናል እንጂ ሜይ 6 አይሆንም። ሁለት ዓይነት ኮምፒውተር በአንድ ፋይል ላይ ከጻፈ በኋላ የትኛው መስመር ከየትኛው እንደመጣ ማንም አይለይልሽም።

ቁጥር ወዳጅ፦ ለምን ሦስት ሳጥን? ዓመቱን አስቀድሞ 2016-06-05 ብሎ መጻፍ ይበቃል። ዓለም የሚጠቀምበት እሱን ነው።

መላሽ፦ ለፈረንጅ አቆጣጠር ትክክል ነህ። ቀንና ወር መምታታቱን ያቆመዋል። የኛን ቀን እንደዚያ ስትጽፍ ግን ኤክሴል አሁንም ጁን 5 ቀን 2016 ነው የሚልህ፤ አቆጣጠሩን አያውቅም። ጥቅምት 30ን 2016-02-30 ብለህ ጻፍ። ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜንም እንደዚያው፤ 13ኛ ወር የለውም።

ከዚህ የባሰው የቀን ልዩነት ሲሰላ ነው። ከጥር 28 እስከ የካቲት 3 አምስት ቀን ነው። ኤክሴል 05-28ን ሜይ 28፣ 06-03ን ጁን 3 አድርጎ ይቀንስና 6 ይልሃል፤ ሜይ 31 ቀን ስላለው። የአንድ ቀን ስህተት ዓይን አይገባም። የቀጠሮ ክትትል የሚያሰላ ሰው ግን የሚሠራው በዚያች ቀን ነው።

ሰው ሀብት፦ እኛ ጋ የሠራተኛ የትውልድ ዘመን በኢትዮጵያ፣ የቅጥር ቀን በፈረንጅ ተመዝግቧል። ትውልዱ ላይ 8 ብደምር አይሆንም?

መላሽ፦ አይሆንም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ነው 8 የሚሆነው። ወሩ ካልተመዘገበ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ጉዳቱን ለአለቃህ ለማሳየት ይህን ተጠቀም። ግንቦት 1958 የተወለደ ሰው በመስከረም 2017 ገና 58 ዓመቱ ነው። ትውልዱ እንደ ፈረንጅ ከተነበበ 66 ይወጣል። ጡረታ በ60 ከሆነ ሪፖርቱ ሰውየውን ከስድስት ዓመት በፊት አሰናብቶታል።

ጀማሪ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መላሽ፦ ለምን ሥራ? ሳይታወቅ አልመልስም።

የፕሮጀክት ሰው፦ እኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መመዝገቡን አልስማማበትም። ለጋሾች የሚጠይቁን በፈረንጅ ነው። ከመጀመሪያው በፈረንጅ ይግባ።

ካርድ ክፍል፦ እናት የልጇን ልደት በፈረንጅ አትነግረኝም እኮ። መዝጋቢዋ ወረፋ እያለ በጭንቅላቷ ልትቀይር ነው?

የፕሮጀክት ሰው፦ የመቀየሪያ መተግበሪያ ስልኳ ላይ አለ።

ካርድ ክፍል፦ በቀን ስንት ጊዜ ስልክ ታውጣ?

መላሽ፦ እኔ ከእህታችን ጋር ነኝ። ሰው የተናገረውን መዝግቡ፤ የሚቀይረው በኋላ አንድ ሰው፣ በአንድ መንገድ ይሁን። መነሻው ካለ ቅየራው ቢሳሳት ይታረማል። ሪፖርቱ በሙሉ በፈረንጅ የሆነበት ቢሮ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱን ምረጡና የአምዱ ርዕስ ላይ ጻፉት።

ጀማሪ፦ 8 ዓመት መደመር አይበቃም?

መላሽ፦ እላይ ተመልሷል። ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ፣ እባካችሁ።

ሱቅ ነኝ፦ ስልክ ቁጥር ስጽፍ ፊቱ ያለው ዜሮ ይጠፋል።

መላሽ፦ አምዱን መጀመሪያ `Text` አድርገው። በስልክ ቁጥር ሂሳብ አትሠራም።

የመዝገብ ቤቷ፦ ስምስ? አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ጸሀይ ይጽፋል። ሲፈለግ አይገኝም።

ቁጥር ወዳጅ፦ ትክክለኛው ፀሐይ ነው።

የመዝገብ ቤቷ፦ የስሙ ባለቤት ራሷ መታወቂያዬ ላይ በጸ ነው ያለችኝ!

መላሽ፦ እዚህ ፊደል አንዳኝም። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። በካርድ ቁጥር ፈልጉ፤ ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፉ።

ካርድ ክፍል፦ ያለፈው ዓመት ፋይል ተበላሽቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሊስተካከልስ ይችላል?

መላሽ፦ አምዱን ብቻ እዪው። ማንም አሰላለፉን ካልነካው ቀን የሆነው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ይጠጋል። በአንድ አምድ ሁለቱም ካሉ ተበላሽቷል። ቀኑ `B2` ላይ ከሆነ ጎኑ ይህን ጽፈሽ ወደ ታች ጎትቺ፤ `TRUE` ያለሽ ሁሉ ጽሑፍ ነው።

```
=ISTEXT(B2)
```

ሁለተኛው ምልክት የየካቲት ታካሚዎች በየወሩ ስድስተኛ ቀን ላይ መከማቸታቸው ነው። የመጋቢቶቹ በሰባተኛው ላይ ይከማቻሉ።

ጽሑፍ ሆነው የቀሩት አይጎዱሽም፤ እንደተጻፉ አሉ። አስቸጋሪዎቹ ቀን የሆኑት ናቸው። ሁሉም በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር፣ በአንድ አቆጣጠር ገብተው ከሆነ ወርና ቀኑን መልሶ ማቀያየር ይበቃል። እርግጠኛ ካልሆንሽ ከወረቀት ካርዱ ጋር አስተያዪ። በመጀመሪያ ግን የፋይሉን ቅጂ አስቀምጪ። ዋናው ላይ አትሥሪ።

ካርድ ክፍል፦ ካርዱ የጠፋባቸውስ?

መላሽ፦ አትገምቺ። ጎናቸው «ያልተረጋገጠ» የሚል አምድ ክፈቺና ከወር ቆጠራው አውጪያቸው። ሪፖርቱ ላይ ስንት እንደሆኑ ጻፊ።

የፕሮጀክት ሰው፦ ለጋሽ ይህን አይቀበልም።

መላሽ፦ የኔ ተቀብሎኛል። ያንተን አላውቅም።