ቶርክ፣ ኢነርጂ ወይስ አንጉላር ሞመንተም? አንድ ዘንግ፣ ሦስት ዘዴ

ጥያቄ፦ «የሮቴሽን ጥያቄ ሲመጣልኝ በቶርክ ልስራው፣ በኢነርጂ ወይስ በአንጉላር ሞመንተም የሚለው ላይ ሁሌ እቸገራለሁ። ፎርሙላዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሲሰራውም ይገባኛል። ራሴ ስጀምር ግን የተሳሳተውን መርጬ እገኛለሁ። ፈተና 3 ሳምንት ነው የቀረኝ። እናንተ በምንድነው የምትለዩት?»

ወንድሜ፣ እኔም የተሰናከልኩት እዚችው ላይ ነው። ፈተና ላይ አንድ ዘንግ መጣ። ከላይ ጫፉ ተይዞ ተንጠልጥሏል። የጭቃ ድቡልቡል በአግድም ይመጣና ታችኛው ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ዘንጉ ስንት ዲግሪ ድረስ ይነሳል? «መነሻው ፍጥነት፣ መድረሻው ከፍታ፤ ኢነርጂ ነው» አልኩና በሁለት መስመር ጨረስኩት። በጊዜ መጨረሴ ራሱ አኩርቶኝ ነበር። መልሱ ግን ከትክክለኛው በጣም የራቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ታናናሾቼን ሳስጠና ሁሌ የምጀምረው በዚችው ጥያቄ ነው። ሦስቱም ዘዴ ውስጧ አሉ፤ እያንዳንዱ የት ጋ እንደሚሰራ፣ የት ጋ እንደሚከዳ በግልጽ ይታያል። ለስሌት የሚቀሉ ቁጥሮች ልስጥህና አብረን እንያት።

ዘንጉ 3 kg፣ ርዝመቱ 1 m። ጭቃው 0.5 kg፣ ፍጥነቱ 6 m/s። g = 10 m/s² እንበል። ፒቮቱ ላይ ፍሪክሽን የለም። የዘንጉ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ በፒቮቱ ዙሪያ ML²/3 ነው፤ 1 kg·m² ይሆናል።

ፎርሙላ ከመጻፍህ በፊት ታሪኩን በጊዜ ቁረጠው። እዚህ ሁለት ክፍል አለ። አንደኛው ጭቃው ዘንጉን ነክቶ እስኪለጠፍ ያለችው ቅጽበት ናት። ሁለተኛው ተለጣፊው ጭቃ ከዘንጉ ጋር ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። የእኔ ስህተት የኢነርጂን ቀመር አለማወቅ አልነበረም። ሁለቱን ክፍል እንደ አንድ ቆጥሬ ዘልዬ ማለፌ ነው።

ከቆረጥክ በኋላ ለየክፍሉ አንድ ነገር ጠይቅ፦ እዚህ ውስጥ መጠኑን የማላውቀው ኃይል የቱ ነው? እሱን ከሒሳቤ የሚያስወጣልኝስ የቱ ዘዴ ነው? ዘዴ መምረጥ ማለት ለእኔ ይሄው ነው። ኢነርጂ ወርክ የማይሰሩ ኃይሎችን ያስወጣል። አንጉላር ሞመንተም በመረጥከው ነጥብ ላይ ቶርክ የሌላቸውን ያስወጣል።

በመጀመሪያው ክፍል እንሞክረው። ጭቃው ሲለጠፍ ዘንጉና ጭቃው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ጭቃው ይጨፈለቃል፣ ይሞቃል። ስንት ጁል እንደጠፋ የሚነግርህ የለም። ስለዚህ ኢነርጂ ከጨዋታ ውጪ ነው። ፒቮቱም ዘንጉን ይይዘዋል፤ በዚያች ቅጽበት በስንት ኒውተን እንደያዘው አናውቅም። ግን ይህ ኃይል የሚያርፈው ፒቮቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፒቮቱን ነጥብ አድርገህ ብትወስድ ክንዱ ዜሮ ነው፣ ቶርኩም ዜሮ። የጭቃውና የዘንጉ መገፋፋት የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ይጠፋፋል። ክብደትስ? ዘንጉ ቀጥ ብሎ ስለተንጠለጠለ የክብደቱ መስመር በፒቮቱ ያልፋል፤ የጭቃውም እንደዚያው። አንጉላር ሞመንተም በፒቮቱ ዙሪያ አይለወጥም ማለት ነው።

```
mvL = (ML²/3 + mL²) ω
0.5 × 6 × 1 = (1 + 0.5) ω
ω = 2 rad/s
```

አሁን ኢነርጂውን ፈትሽ። ከግጭቱ በፊት ½ × 0.5 × 36 = 9 J ነበር። ከግጭቱ በኋላ ½ × 1.5 × 4 = 3 J ነው። 6 ጁል ሄዷል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ! እኔ ፈተና ላይ እንዳለ የተሸከምኩት ይህንን ነው። «ተለጠፈ»፣ «ተጣበቀ»፣ «አብረው መዞር ጀመሩ» የሚል ቃል ካየህ በዚያች ቅጽበት ኢነርጂን አትንካው። የሚዞር ዲስክ ላይ ሌላ ዲስክ ሲወድቅ እና ተፋትገው እኩል ሲዞሩም ያው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሌላም ወጥመድ ውስጥ ይገባል። «ግጭት ነው» ብሎ ተራውን ሞመንተም ያመጣል፦ mv ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ የዘንጉ መሃል ፍጥነት በ M ሲባዛና የጭቃው ፍጥነት በ m ሲባዛ። እኩል ካደረግካቸው 3 = 2ω ይልሃል፤ ω ደግሞ 1.5 ይወጣል። ስህተት ነው። ትክክለኛውን 2 rad/s አስገብተህ ሞመንተሙን ብትቆጥረው 3 × 1 + 0.5 × 2 = 4 kg·m/s ነው። ከ3 ወደ 4 አደገ! ትርፏ 1 ከየት መጣች? ከፒቮቱ። ጫፉ ላይ ሲመታ የዘንጉ ላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ማፈንገጥ ይፈልጋል፤ ፒቮቱ ይይዘውና ወደ ፊት ይገፋዋል። የሆነ ነገር ከውጭ ተይዞ ከሆነ ተራ ሞመንተምን አትመነው። በዘንጉ መሃል ዙሪያ አንጉላር ሞመንተም መውሰድም አያዋጣም፤ ከዚያ ነጥብ ሲታይ የፒቮቱ ኃይል ቶርክ አለው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ «ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሳይሆን አግድም ሆኖ ቢመታስ? የክብደቱ ቶርክ ዜሮ አይደለም እኮ» ብሎኝ ያውቃል። ልክ ነው፣ የዘንጉ ብቻ 15 N·m ነው። ግን ግጭቱ ለምሳሌ 0.002 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በዚያች ጊዜ የሚለውጠው 15 × 0.002 = 0.03 kg·m²/s ነው። ከ3 ጋር ሲተያይ 1 በመቶ። እንተወዋለን። ግጭቱ እየረዘመ ሲሄድ ግን መተው አይቻልም።

ሁለተኛው ክፍል ቀላል ነው። ጭቃው ተለጥፏል፣ የሚሞቅ ነገር የለም። ፒቮቱ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ወርክ አይሰራም። ወርክ የሚሰራው ክብደት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በከፍታ እናውቀዋለን። አንጉላር ሞመንተም እዚህ አይሰራም፤ ዘንጉ ማዘንበል እንደጀመረ ክብደት ቶርክ አገኘ። ጥያቄውም የሚያወራው ስለ ሁለት ቦታ ነው፣ ከታች እና ከላይ። ጊዜ አልተጠየቀም። ስለዚህ ኢነርጂ።

```
3 = (M·g·L/2 + m·g·L)(1 − cosθ)
3 = 20 (1 − cosθ)
cosθ = 0.85,  θ ≈ 31.8°
```

የዘንጉ ከፍታ የሚለካው ከመሃሉ መሆኑን ልብ በል፤ ለዚህ ነው L/2 የገባው። እኔ በ9 ጁል ሄጄ ቢሆን ኖሮ 9 = 20(1 − cosθ) ነው፣ መልሱ 56.6°። አየህ ልዩነቱን? የሚያሳዝነው 56.6° ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም።

«በቶርክስ ቢሰራ?» ትለኝ ይሆናል። ሰዎች ቶርክ አስልተው α ያወጡና ω² = ω₀² + 2αθ ውስጥ ይከቱታል። ይህ የሚሰራው α ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ ነው። እዚህ ቶርኩ 20 sinθ ነው። ከታች ዜሮ፣ ከላይ ሲደርስ 20 × 0.527 = 10.5 N·m። α ከዜሮ ተነስቶ 7 rad/s² ይደርሳል። ያንን 7 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻ አንድ አይነት ነው ብለህ ብታስገባ 16 ዲግሪ ገደማ ይወጣልሃል፤ የእውነተኛው ግማሽ ማለት ነው። ቶርኩን በ θ ኢንተግሬት ካደረግክ ትክክለኛው ይመጣል። ያኔ ግን የሰራኸው ያንኑ ኢነርጂ ነው፣ በረጅሙ መንገድ።

ታዲያ ቶርክ መቼ ነው ተራው? ጥያቄው ስለ አንዲት ቅጽበት ሲያወራ። «ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ α ስንት ነው?» ካለህ፣ 10.5 ÷ 1.5፣ ወደ 7 rad/s²፤ አለቀ። ሌላው ቶርክ የሚነግስበት ቦታ ቶርኩ የማይለዋወጥበት ነው፤ ለምሳሌ ፑሊ ላይ በተጠቀለለ ገመድ ክብደት ሲወርድ። ጊዜ ወይም የገመዱ ቴንሽን ከተጠየቀ በቶርክ ሂድ። «1 ሜትር ሲወርድ ፍጥነቱ ስንት ነው» ብቻ ከሆነ ኢነርጂ ይፈጥናል።

አሁን ተማሪ ሁሉ የሚደናገርባትን ልጨምር። «ጭቃው ከተለጠፈ ወዲያው ፒቮቱ ዘንጉን በስንት ኒውተን ወደ ላይ ይይዘዋል?» ኢነርጂ መልስ የለውም። አንጉላር ሞመንተምም የለውም። በፒቮቱ ዙሪያ የተወሰደ ቶርክም እንኳ የለውም። ለምን? ሦስቱንም የመረጥናቸው ይህንን ኃይል ከሒሳቡ ስላስወጡልን ነዋ! ያስወጣኸውን ነገር መልሰህ ከዚያው አታገኘውም። ወደ F = ma መመለስ አለብህ፦

```
F − (M + m)g = M·ω²·L/2 + m·ω²·L
F − 35 = 6 + 2
F = 43 N
```

35 ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው፤ ዘንጉ ገና ቀጥ ብሎ ስላለ የቆመ ይመስላቸዋል። እየዞረ ነው እኮ፣ በ2 rad/s።

ለቀሪው 3 ሳምንት ከእኔ የምትወስደው ልምምድ ይህ ይሁን። አሥር የሮቴሽን ጥያቄ ውሰድ፣ አንዱንም አትፍታ። ለእያንዳንዱ ታሪኩን ቁረጥና በየክፍሉ ጎን የማታውቀውን ኃይል፣ የመረጥከውን ዘዴና ነጥቡን ብቻ ጻፍ። ከዚያ መልሶቹን ገልጠህ ምርጫህን ብቻ አመሳክር። ስሌት ውስጥ ስትገባ ጊዜህ የሚያልቀው በአልጀብራው ነው፤ አንተ ደግሞ የተቸገርከው በአልጀብራው አይደለም።

ለዛሬ አንድ ልተውልህ። ያው ዘንግ፣ ያው ጭቃ፣ ግን ጭቃው የሚለጠፈው ከፒቮቱ 2/3 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ω ስንት ይሆናል? ከዚያ ተራውን ሞመንተም ከግጭቱ በፊትና በኋላ ቁጠር። ω ወደ 1.64 ከወጣልህ እና ሞመንተሙ 3 ላይ ሳይነቃነቅ ከቀረ ልክ ነህ። ፒቮቱ በዚህኛው ምት ለምን ወደ ጎን ምንም እንዳልገፋ ጻፍልኝና ከታች ለጥፈው።