ሰማያዊ ስክሪን በየጊዜው ሰበቡን ሲቀያይር

«ዴስክቶፔ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም አለው። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ አንዳንዴ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና ሪስታርት ያደርጋል። የሚጽፈው ስህተት ይለያያል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩበት፣ ለውጥ የለም። ምኑን ልቀይር?»

ገና ምንም አይቀይሩ። መጀመሪያ ራሙን ይጠርጥሩ። የድራይቨር ችግር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ይደጋግማል። የተበላሸ ራም ግን ያገኘውን ነው የሚጥለው፤ በተበላሸችው ክፍል ላይ ዛሬ ብራውዘሩ ያርፋል፣ ነገ ዊንዶውስ ራሱ። አንዴ MEMORY_MANAGEMENT፣ ሌላ ጊዜ IRQL_NOT_LESS_OR_EQUAL የሚልዎት ለዚህ ነው። ሰላም በዋለበት ቀን ደግሞ ያቺን ክፍል የነካት ፕሮግራም የለም ማለት ነው።

ባዮስ ውስጥ ገብተው XMP ወይም EXPO የሚል በርቶ ካገኙ ያጥፉት። ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ያስሮጠዋል፤ ደህናውን ራም በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። ከዚያ MemTest86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነው ያዘጋጁ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው መፈተሻም አይከፋም፣ ግን ብዙ ስህተት ሳያይ ያልፋል።

አሁን ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ፓወር በተኑን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። የኬዙን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ሁለቱንም ራም ያውጡና አንዱን ብቻ ይመልሱ። ባለ አራት ስሎት ማዘርቦርድ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስሎት ነው፤ ማኑዋሉን አይተው ያረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲሰካ ነው። ወርቃማውን ጠርዝ በጣት አይንኩ። ጠርዙ ላይ ያለችው ክፍተት ስሎቱ ውስጥ ካለችው ጉብታ ጋር ትግጠም፤ ካልገጠመች አዙሩት እንጂ አይታገሉት። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣት እኩል ይጫኑ። ከጠበቁት በላይ ጉልበት ይፈልጋል። መያዣው «ቀጭ» ብሎ ራሱ መዘጋት አለበት። በአንዳንድ ቦርድ መያዣው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ሌላኛው ጫፍ ሳይገባ የገባ ይመስላል፤ ጎንበስ ብለው መስመሩ ቀጥ ማለቱን ይዩ። ራሙ DDR5 ከሆነ መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። አያጥፉት።

በፍላሹ ቡት ያድርጉና ፈተናው አራቱን ዙር ይጨርስ፤ ሰዓታት ይወስዳል። ከዚያ ሌላኛውን ራም እዚያው ስሎት ላይ ይፈትሹ። ስሎቱን አለመቀየር ነው ዋናው ነገር፤ ራሙንና ስሎቱን አንድ ላይ ከቀየሩ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይለይም። አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ራሙ አላለፈም። አንደኛው ወድቆ ሌላው ካለፈ፣ የወደቀውን ደግመው ሰክተው ይሞክሩት፤ አሁንም ከወደቀ በሽተኛው እሱ ነው። ሁለቱም ከወደቁ ሁለቱንም በየተራ ሌላ ስሎት ላይ ይሞክሩ። እዚያ ካለፉ ችግሩ የመጀመሪያው ስሎት ነው፤ ካላለፉ ወደ ማዘርቦርዱ ወይም ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል።

ለየብቻ አልፈው አብረው ሲሰኩ ብቻ የሚወድቁም አሉ። እነዚህ አልተስማሙም ማለት ነው፤ በተለይ ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ። ያኔ በአንድ ካርቶን የታሸገ ጥንድ መግዛት ይሻላል።